ሦስት መደብ ካሮትና አንድ የስልክ ጥሪ

የምሠራበት ቡድን ለስልክ የሚሆን የእርሻ ጌም እያዘጋጀ ነበር፤ ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ነኝ። ተጫዋቹ ጌሙን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው አጭር መለማመጃ ሦስት ደረጃ አለው፦ መዝራት፣ ማጠጣት፣ መሸጥ። ለዚህ ካሮትን መረጥን። ካሮት እንደ ጎመን ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይፈልግም፤ ዘሩ በቀጥታ መደቡ ላይ ስለሚዘራ በስክሪንም አንድ ነካ ማድረግ ይበቃዋል። ጤፍ ይሁን ያሉም ነበሩ። ጤፍ ግን በዝናብ የሚበቅል የማሳ እህል ነው፤ በማጠጫ ጣሳ ውሃ ሲርከፈከፍበት የሚያይ የገበሬ ልጅ ጌሙን እዚያው ይዘጋዋል።

የሚናገሩት አንዲት አዛውንት ጎረቤት ናቸው። ቃላቸው አጭር ነው፤ በትንሽ ስልክ ላይ ከሁለት መስመር እንዳያልፍ ተለክቶ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ «መሬቱ ለስልሷል። መደቦቹን ነካ ነካ እያደረግን ካሮት እንዝራ» ይላሉ። ከዚያ «ዘሩ ውሃ ይፈልጋል። ማጠጫውን ይዘን ሦስቱንም መደብ እናርጥብ»፤ በመጨረሻም «ካሮቱ ደርሷል። ነቅለን ገበያ እናውጣው»። «ቀጥል» የሚል ቁልፍ የለም። ቁልፍ ካለ ሰው ሳያነብ እየተጫነ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ጽሑፉ የሚሄደው ሥራው ሲሠራ ብቻ ነው። ተጫዋቹ 8 ሴኮንድ ዝም ካለ መደቡን የምትጠቁም እጅ ብቅ ትላለች። የተሳሳተ ቦታ ቢነካ ቀይ ምልክት የለም፣ የሚቆጥር ሰዓትም የለም።

ለሙከራ የሕንፃችንን ጥበቃ ጋሼን ለመንናቸው። እንዲህ ባለው ሙከራ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት እንጂ መርዳት የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን መደብ ሳይቸኩሉ ዘሩ። ወዲያው ስልካቸው ጠራ። ከዘመድ ስለ ለቅሶ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ መኪናው ከየት እንደሚነሳ ተነጋግረው ሲጨርሱ ወደ ጌሙ ተመለሱ። ጌሙ ግን እንደ አዲስ መጫን ጀመረ። ተከፈተና ጎረቤቲቱ «ካሮት እንዝራ» አሉ። መደቦቹ ተዘርተዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ ዘር የለም። ጋሼ አንዱን መደብ ነኩ፣ ሁለተኛውን ነኩ፤ ምንም የለም። ጠቋሚዋ እጅም መጥታ ያንኑ የተዘራ መደብ ታሳያቸው ገባች።

«ልጄ፣ ዘርቼ ጨርሻለሁ እኮ» አሉኝ። «በተዘራ ላይ ድገሙ ነው የሚሉኝ እኚህ ሴትዮ? ዘር ደግሞ የለኝም።»

ፕሮግራመራችን ምክንያቱን ወዲያው አወቀው። ስልኩ ራሙ ትንሽ ነው፤ ጥሪው ሲመጣ አንድሮይድ ቦታ ለማግኘት ከኋላ የቀረውን ጌም አጥፍቶታል። እርሻው በእያንዳንዱ ንክኪ ሴቭ ይደረጋል፤ መለማመጃው የደረሰበት ደረጃ ግን የሚኖረው ራም ላይ ብቻ ነበር። ጌሙ ሲነሳ መለማመጃው ከአንድ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ የሚጠብቀው «አሁን ዘር ተዘራ» የሚለውን ድርጊት ነው። ዘሩ ስላለቀ ያ ድርጊት ከዚህ በኋላ አይመጣም። እንደ እኔ ከሆነ ከሁሉም ብልሽት የከፋው ይህ ነው፤ ጌሙ ቢዘጋ ተጫዋቹ ድጋሚ ይከፍተዋል፣ እዚህ ግን ሁሉም ነገር የሚሠራ እየመሰለ መውጫ የለውም።

ቀላሉ መፍትሔ የደረጃውን ቁጥርም ሴቭ ማድረግ ይመስላል። ይህ ግን እርሻው አንድ ነገር፣ ቁጥሩ ሌላ ነገር እንዲናገሩ በር ይከፍታል፤ ጌሙ በሁለቱ ሴቭ መካከል ቢጠፋ ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ጭራሽ ትተን ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ደረጃውን ከእርሻው ላይ እንዲያነብ ተስማማን። የጽሑፉን ሰንጠረዥ እንደገና ስጽፍ ከእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ጎን «ይህ የሚነገረው እርሻው ምን ላይ ሲሆን ነው?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ፕሮግራመሩ ያንን ይዞ እንዲህ አደረገው፤ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፣ መጀመሪያ እውነት ሆኖ የተገኘው መስመር ይሠራል።

```
sold >= 1     -> end
ripe >= 1     -> sell
planted >= 3  -> water
else          -> plant
```

ከመጨረሻው ደረጃ መጀመሩ ምክንያት አለው። የጠጣ መደብ ከቆይታ በኋላ ይደርቃል። ጥያቄው ከታች ቢጀመር ካሮቱ ደርሶ ሳለ አፈሩ ስለደረቀ ብቻ ጎረቤቲቱ «እናርጥብ» ይሉ ነበር። የማጠጣቱ ደረጃ ማለቁም የሚታወቀው በረጠቡ መደቦች ቁጥር ነው እንጂ በንክኪ አይደለም፤ አንዱን መደብ ሦስት ጊዜ የሚያጠጣ ሰው ብዙ ነው።

ዘሩም መታሰብ ነበረበት። የመጀመሪያው ደረጃ በጀመረ ቁጥር 3 ዘር በስጦታ ቢሰጥ፣ ጌሙን እየዘጋ የሚከፍት ሰው ከረጢቱን ይሞላል። ስለዚህ ስጦታው የጎደለውን መሙላት ሆነ፤ ከ3 ላይ በእጅ ያለውና የተዘራው ይቀነሳል፣ የቀረው ይሰጣል። ገበያውም እስከ መጀመሪያው ሽያጭ ድረስ ካሮት እንጂ ዘር አይገዛም። አለበለዚያ ገና ሳይዘራ ዘሩን የሚሸጥ ይኖራል።

የሽያጩ ደረጃ ዋጋው ላይ ይቆማል። ዘሩ 5 ብር፣ ካሮቱ 10 ብር ነው። ሦስቱን የሸጠ ሰው 30 ብር ይዞ 6 ዘር መግዛት ይችላል፤ ስለዚህ ከሽያጩ በኋላ ጎረቤቲቱ «30 ብር አገኘን፤ የዘር ሱቁ ተከፍቷል» ብለው ዝም ይላሉ። የመለማመጃው ካሮት በ20 ሴኮንድ ይደርሳል፤ ባይሆን ሦስተኛው ደረጃ ከሰዓታት በኋላ ይመጣ ነበር። ይህ ግን ተጫዋቹን የተሳሳተ ነገር ያስለምደዋል። ለዚህ ነው ቀጣዩን ዘር ሲዘራ «ይኸኛው 2 ሰዓት ይፈልጋል፤ ደርሰው ይመለሱ» የሚል ቃል የጨመርኩት። ሰው ጌሙ ተበላሸ ብሎ ከሚጠብቅ ቢነገረው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ጥሪ መጠበቅ አላስፈለገንም። ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ በሆም ቁልፍ ከጌሙ ወጥቶ፣ ይህን መጻፍ ነው፤ የጌሙ መለያ ስም በመጨረሻው ቃል ቦታ ይገባል።

```
adb shell am kill com.example.farm
```

አንድሮይድ ራም ሲያጥረው የሚያደርገውን ያህል ነው። በየደረጃው መሐል እያጠፋን እየከፈትን ስንሄድ መዝራቱም ማጠጣቱም በትክክል ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ ግን ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ካሮቱን ነቅለን ሳንሸጥ ስናጠፋው መደቦቹ ባዶ ናቸው፣ የደረሰ ካሮት የለም፣ የተዘራም የለም። ጌሙ እስከ ታችኛው መስመር ወርዶ 3 ዘር ሰጠና «እንዝራ» አለ፤ ካሮቱ ግን ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ፕሮግራመሩ ከ`ripe` በላይ `basket >= 1` የሚል መስመር አስገባ። እኔም የሦስተኛውን ደረጃ ቃል ለሁለት ከፈልኩት፤ ካሮቱ መደብ ላይ ሳለ «ካሮቱ ደርሷል፤ እንንቀለው»፣ ቅርጫት ከገባ በኋላ ደግሞ «ቅርጫታችን ሞልቷል፤ ገበያ እናውጣው» ይላሉ።