ሪፖርቱ «ሽያጭ ወረደ» ሲል ሐዋሳ ዘይት አልቆባት ነበር

የታሸጉ ሸቀጦችን በ12 ቅርንጫፎች የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት በየሳምንቱ ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ላይ የሽያጭ ስብሰባ አለው። በዚያ ሰኞ የቀረበው ማጠቃለያ አጭር ነበር፤ ያለፈው ሳምንት ሽያጭ ከ8,400,000 ብር ወደ 7,200,000 ወርዷል፣ ቅናሹ 14 በመቶ ነው፣ የወረደውም ከሐሙስ ጀምሮ በሐዋሳና በድሬዳዋ ነው። ሥዕሉ ግልጽ፣ ምክንያቱም የሚታመን ይመስል ነበር። ስለዚህ ወደ ሁለቱ ከተሞች ከሚሄዱት መኪኖች አንዳንዱን ቀንሶ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለማዞር ተወሰነ።

ውሳኔው ሳይፈጸም የሐዋሳዋ ኃላፊ ለሥርጭት ክፍሉ ደወለች። «ኧረ ጋሼ፣ ዘይት እኮ ቅዳሜ አልቆብናል። ደንበኛ እየመለስን ነው፤ መኪናው መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሽያጩ ሞቷል የተባለ ቅርንጫፍ ዕቃ ሊያልቅበት አይችልም። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ ውሸታሙም ሪፖርቱ የተነሳበት የሽያጭ ሠንጠረዥ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱ ቅርንጫፎች የዕለቱን ሽያጭ ወደ ማዕከል የሚልኩት በአንድ የጋራ አካውንት ሲሆን፣ የአካውንቱ የይለፍ ቃል ጊዜው ያለፈው ሐሙስ ዕለት ነው። ከሐሙስ እስከ እሑድ የአራት ቀን ሽያጭ አልደረሰም። ሁለቱ አብረው በቀን ወደ 300,000 ብር ስለሚሸጡ ጉድለቱ 1,200,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሪፖርቱ «ቅናሽ» ያለው ነው። የቀሩት አስር ቅርንጫፎች እንደ ወትሯቸው 6,300,000 ሸጠዋል።

ግን የሪፖርቱ ባለሙያ ሳታጣራ አልነበረም የላከችው። ሠንጠረዡ መቼ እንደተጫነ ጠይቃ «ዛሬ ሌሊት» የሚል መልስ አግኝታለች። ጥያቄው ግን ሁለት ቦታ ላይ ክፍተት ነበረው።

አንደኛው፣ የጠየቀችው ለመላው ሠንጠረዥ መሆኑ ነው። አስር ቅርንጫፎች በሰዓቱ ከገቡ የመጨረሻው ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይታያል፤ የሁለቱ መቅረት ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ በቅርንጫፍ ለይታ ብትጠይቅ እንኳ አይያዝም ነበር። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየማታው የሚልከው ፋይል አንድ ዓይነት ስም አለው፤ አዲሱ የቀድሞውን ይተካል። ሐሙስ አዲስ ሳይመጣ ሲቀር የረቡዕ ፋይል እዚያው ማኅደር ውስጥ ተቀመጠ። የሌሊቱ ጫኝ ፕሮግራም ፋይል መኖሩን አየ፣ ከፈተው፣ ያንኑ የረቡዕ ደረሰኝ በደረሰኝ ቁጥሩ እያገኘ እንደገና ጻፈው፣ `loaded_at` የሚለውን ዓምድም በአዲስ ሰዓት ሞላው። ከዚያ «ተሳክቷል» ብሎ ጨረሰ። አራት ሌሊት እንዲሁ። `loaded_at` የሚናገረው ፕሮግራሙ መቼ እንደሮጠ ብቻ ነው፤ ሽያጩ መቼ እንደተፈጸመ የሚያውቀው `sold_at` ነው። የዳታን ዕድሜ የምንለካው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት የሚሮጠው የማጣሪያ ጥያቄ ይህ ሆነ፦

```sql
SELECT b.branch_id,
       max(s.sold_at) AS last_sale,
       round(extract(epoch FROM now() - max(s.sold_at)) / 3600) AS age
FROM branches b
LEFT JOIN sales s
  ON s.branch_id = b.branch_id
 AND s.sold_at <= now()
GROUP BY b.branch_id
ORDER BY last_sale NULLS FIRST;
```

ከቅርንጫፎች ዝርዝር የሚነሳው በምክንያት ነው። ከሽያጭ ሠንጠረዡ ብንነሳ አንድም ረድፍ የሌለው ቅርንጫፍ ከውጤቱ ጭራሽ ይጠፋል፤ የጠፋ ነገር ደግሞ ዓይን አይስብም። በዚህ አጻጻፍ ግን ባዶ ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። `s.sold_at <= now()` የሚለው የተጨመረው ደግሞ በሱቅ ማሽኖች ሰዓት የተነሳ ነው። የአንዱ ማሽን ቀን ወደ ፊት ከዘለለ አንዲት ደረሰኝ ብቻ ያንን ቅርንጫፍ ለወራት «ትኩስ» ታስመስለዋለች።

ገደቡ ከሥራው ሰዓት የመጣ ነው። ሱቆቹ ከምሽቱ 2፡00 ይዘጋሉ፤ ማጣሪያው ከጠዋቱ 2፡00 ይሮጣል። ስለዚህ ጤነኛ ቅርንጫፍ ዕድሜው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከ18 ሰዓት በላይ የሆነ ሁሉ ሪፖርቱን ያስቆማል። በዚያ ሰኞ ጠዋት ቢሮጥ ኖሮ ሐዋሳና ድሬዳዋ 108 ሰዓት ብለው ይወጡ ነበር።

እዚህ ላይ ሰዓት ራሱ ያሳስታል። ሰርቨሩ የሚያሳየው በዩቲሲ ከሆነ፣ ሰኞ ከሌሊቱ 8፡00 የተጫነው ዳታ ስክሪኑ ላይ «እሑድ 23:00» ተብሎ ይነበባል። ሰው ያንን አይቶ «የትናንት ማታ ነው» ይላል፤ ወይም የስክሪኑን 02:00 «ከሌሊቱ 2» ብሎ ይተረጉማል። የመጀመሪያውን የሚፈታው አንድ መስመር ነው፦

```sql
SET timezone = 'Africa/Addis_Ababa';
```

የሁለተኛው መፍትሔ ሰዓት ከማንበብ ይልቅ ዕድሜን ማንበብ ነው፤ «108 ሰዓት» በየትኛውም አቆጣጠር 108 ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ሰዓት ትኩስ መሆኑ ብቻም አይበቃም። መስመሩ በመላክ መሃል ተቋርጦ ግማሽ ፋይል ሊደርስ ይችላል፤ ወይም ከአምስት ማሽን የአንዱ ብቻ ሊገባ ይችላል። ለዚህ የእያንዳንዱ ቀን የደረሰኝ ብዛት ካለፉት አራት ሳምንታት ተመሳሳይ ቀን ጋር ይነጻጸራል፤ ሐሙስ ከሐሙስ፣ እሑድ ከእሑድ። ከግማሽ በታች ከወረደ ሰው ስልክ ይደውላል። የበዓል ሰሞን ይህ ማጣሪያ መጮኹ አይቀርም፤ ይጩህ፣ ጥሪው ሁለት ደቂቃ ነው።

ሱቁ በእውነት ተዘግቶ የዋለ ቀንስ? በዜሮ ሽያጭና ባልደረሰ ፋይል መካከል ያለውን ልዩነት የሽያጭ ሠንጠረዡ ብቻውን ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ባይሸጥም በየማታው አንድ የዕለት መዝጊያ ረድፍ ይልካል፤ ቀኑ፣ የደረሰኝ ብዛቱ፣ ጠቅላላ ብሩ። መዝጊያው ካለና ዜሮ ካለ አልተሸጠም፤ መዝጊያው ከሌለ አልደረሰም። ጫኙም ተስተካክሏል፤ ፋይሉን ከጫነ በኋላ ወደ ሌላ ማኅደር ያዛውረዋል። በማግስቱ አዲስ ፋይል ካጣ በቀይ ያቆማል።

የይለፍ ቃሉ ታድሶ የጎደሉት አራት ቀናት ሲገቡ ሌላ ጉድ መጣ። `sales` ተሞልቷል፤ ሪፖርቱ ግን አሁንም 7,200,000 ይላል። ሪፖርቱ የሚያነበው ከዋናው ሠንጠረዥ ሳይሆን በፖስትግሬስ ከተሠራ ማቴሪያላይዝድ ቪው፣ ማለትም ቀድሞ ተሰልቶ ከተቀመጠ ቅጂ፣ ነበር፤ ያ ደግሞ ትእዛዝ ካልተሰጠው በራሱ አይታደስም። ፖስትግሬስ መቼ እንዳደሰውም ሰዓቱን አይመዘግብም። ስለዚህ በቪው ትርጓሜ ውስጥ አንድ ዓምድ ተጨመረ፦

```sql
now() AS refreshed_at
```

እሴቱ በታደሰበት ቅጽበት ይጻፍና ተቀምጦ ይቆያል። ማጣሪያውም ከዚያ በኋላ የሚሮጠው በሁለቱም ላይ ነው፤ በምንጩም፣ ሪፖርቱ በቀጥታ በሚያነበውም።

ተስተካክሎ የወጣው ድምር 8,350,000 ሆነ። 50,000 ብር በእርግጥ ጎድሏል፤ ያም ሐዋሳ ቅዳሜና እሑድ ዘይት በማጣቷ ነው። መኪና ሊቀነስባት ነበር እኮ።

አሁን ከእያንዳንዱ ሪፖርት አናት ላይ፣ ከብሩ በፊት፣ አንድ መስመር አለ፦ «የ12ቱም ቅርንጫፎች ዳታ እስከ እሑድ ከምሽቱ 2፡00»። አንዱ ከዘገየ ስሙና የመጨረሻ ቀኑ ይጻፋል፤ ንጽጽሩም ሙሉ ዳታ ባላቸው ቅርንጫፎች መካከል ብቻ ይሠራል፣ የዘገየው ከሁለቱም ሳምንት ድምር ይወጣል። «ድሬዳዋ፦ እስከ ዓርብ ብቻ» የሚል ሲገባ ስብሰባው ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሽያጩ ለምን ወረደ?» መሆኑ ቀርቶ «ለድሬዳዋ ተደውሏል?» ሆኗል።