«ከአማካይ በላይ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ባሕር ዳር ውስጥ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ፈተና ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አምስት ቃል ጽፌ ጣጣ ውስጥ ገባሁ።

ፈተናው ከ40 ነበር። ልጁ 22 አመጣ። የክፍሉ አማካይ 17.6 ስለነበር «ከክፍሉ አማካይ በላይ ነው፣ በርታ» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን ወደ መቶ ቀይሮ ለወላጆች ላከ። የልጁ 55 ይላል። በማግስቱ ጠዋት አባቱ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመዋል።

«መምህር፣ ከሁለቱ የቱ ነው ውሸቱ?»

ሁለቱም እውነት ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። «አማካይ» የሚለው ቃል እኮ ለወላጅ ሌላ ነገር ነው። ካርድ ላይ አማካይ ማለት ልጁ ራሱ በሁሉም ትምህርት ያመጣው ተደምሮ ለትምህርቶቹ ቁጥር ሲካፈል ነው። ሌላው ደግሞ መካከል፣ ማለትም 50 ይመስለዋል። እኔ የጻፍኩት የ50 ልጆችን ውጤት ደምሬ ለ50 ያካፈልኩትን ነው። የትኛውን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ሰውየው ጣና ዳር ዓሣ ነጋዴ ናቸው። ስለዚህ ጠየቅኳቸው፤ ዛሬ የመጣው ቆሮሶ በአማካይ 200 ግራም ነው እንበል። አንዱ 250 ግራም ቢመዝን ከአማካይ በላይ ነው?

«ነው።»

ደንበኛዎ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቢፈልግስ?

ሳቅ አሉ። «በዛሬው ዓሣ ትልቅ ነው ብዬ ልሸጥለት? አይወስደውም።»

እሳቸው ከገባቸው ለሌሎቹም ይገባል ብዬ ያን ቀን ማታ ለሁሉም ወላጅ ደብዳቤ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ቀመር ሞልቼበት ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንብቦ «ይሄ ለወላጅ ነው ወይስ ለተማሪ?» ብሎ መለሰልኝ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከ40 ጥያቄ 22ቱን ከመለሰ ውጤቱ 55 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ከተጠየቀው ምን ያህሉን እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። የክፍሉ አማካይ 17.6፣ ማለትም 44 በመቶ ነው። ልጁ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ደግሞ ከጓደኞቹ አንጻር የት እንደቆመ ብቻ ይነግራችኋል። ክፍሉ በሙሉ ዝቅ ካለ፣ ከክፍሉ ከፍ ያለ ልጅም 18 ጥያቄ ሊስት ይችላል። ከ18ቱ 10ሩ ክፍልፋይ ላይ ነው።»

በ2014 ዓ.ም. የነበረውን የ12ኛ ክፍል ፈተናም ጨመርኩበት። ያኔ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለጥቂት 50 ያመለጠው ልጅ ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ስድስት ያህሉን ቀድሞ ነበር። የማለፊያውን መስመር ግን አልነካም። ይህችን ወላጅ ሁሉ ያስታውሳታል፤ ከዓሣው በላይ የሠራችው እሷ ናት።

ሁሉም ተረጋጋ ብዬ ሳስብ የአንዲት ተማሪ እናት ደወሉ። ልጃቸው በፈተናው ቀን ታማ አልመጣችም ነበር። «መምህር፣ የኔ ልጅ ዜሮ ተብላ ነው እንዴ የተደመረችው?»

መዝገቡን ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። ያልተፈተኑ 5 ልጆች ዜሮ ተብለው ገብተዋል። የሁሉም ድምር 880 ነው። ለ50 ሲካፈል 17.6። ለተፈተኑት 45 ብቻ ሲካፈል ግን 19.6 ገደማ ይሆናል፣ ማለትም 49 በመቶ አካባቢ። የክፍሉን አማካይ ከ49 በመቶ አካባቢ ወደ 44 በመቶ ያወረዱት ጨርሶ ያልተፈተኑ ልጆች ናቸው። አፈርኩ። ፈተናው ራሱ ስለ ክፍልፋይና ስለ መቶኛ መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው።

ከ17.6 በላይ፣ ከ19.6 በታች ያመጡ ልጆች ነበሩ። ትናንት «ከአማካይ በላይ» የነበሩት ዛሬ በታች ሆኑ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንኳ ሳይስቱ። በመቶ የተጻፈው ውጤታቸው ግን እንዳለ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ ስህተቱ የኔ መሆኑን ጻፍኩ፣ አዲሱን አማካይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ አማካይ ሳወጣ ለስንት ልጅ እንዳካፈልኩ አብሬ እጽፋለሁ።

ዓሣ ነጋዴው ደብዳቤው እንደደረሳቸው ደወሉ።

«የክፍሉ ከፍ አለ አሉ። የኛ ልጅስ?»

አሁንም ከአማካይ በላይ ነው፣ ልዩነቱ ግን ጠበበ አልኳቸው።

«እሱን ተወው። 55ቱስ?»

55 ነው።

«እንግዲያው እነዚያን አሥር የክፍልፋይ ጥያቄዎች ላክልኝ። ማታ አብሬው ቁጭ እላለሁ።»