የመዝሙር ወረቀቴ፦ ከስፔስ ወደ ስታይል

ለእንቁጣጣሽ የጻፍኩትን ግጥም ለመዘምራኖቻችን በወርድ አዘጋጅቼ ነበር። አዝማቹን ወደ ውስጥ ለማስገባት ስምንት ጊዜ ስፔስ መታሁ። በእኔ ኮምፒውተር ያምር ነበር። ማተሚያ ቤት ስወስደው ፎንቱ ተቀየረና መስመሩ ሁሉ ተንሻፈፈ።

ስለዚህ ስፔሱን ጠራርጌ አጠፋሁ። እያንዳንዱን አንጓ አንድ ፓራግራፍ አደረግሁና ስንኞቹን በ`Shift+Enter` ለያየኋቸው። ይሄኛው ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ጽሑፉ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን (`Justify`) ተደርጎ ስለነበር፣ አጫጭሮቹ ስንኞች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ተለጠጡ። በቃላቱ መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት! ወደ `Align Left` ስመልሰው ተስተካከለ።

ረጅም ስንኝ ግን አሁንም አስቸገረኝ። ወደ ታች የወረደችው ቁራጭ ራሷን የቻለች ስንኝ ትመስላለች። `Hanging` ስሞክር ከአንጓው የመጀመሪያ ስንኝ በቀር ሁሉም ገባ አሉ። ለካ ወርድ የሚቆጥረው ፓራግራፍ እንጂ ስንኝ አይደለም። ያኔ እያንዳንዱን ስንኝ በ`Enter` ለየሁና ሦስት ስታይል ሠራሁ።

«ስንኝ» ከግራ ጠርዝ ይጀምራል፤ `Hanging` 0.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ `Space After` 0። «መዝጊያ» ያው ስንኝ ነው፤ የአንጓው መጨረሻ ላይ ስለሚውል ብቻ `Space After` 12 ነጥብ አለው። «አዝማች» 1.5 ሴንቲ ሜትር ይገባል። መጀመሪያ አዝማቹንም ቁራጩንም 1 ሴንቲ ሜትር አድርጌ፣ ቁራጩ አዝማች መስሎ አሳስቶናል። ከመዝጊያው በቀር በስንኞቹ ላይ `Keep with next` ስላበራሁ አንጓ በሁለት ገጽ መካከል አይቆረጥም።

የቀረው የአዝማቹ ምልክት ነበር። እንደተለመደው መጨረሻው ላይ /2/ ጻፍኩ። ልምምድ ላይ ግማሹ ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ ደገመ፣ ግማሹ ሁለቱንም። መሪያችን ከበሮውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። አሁን እንዲህ ነው፦

```
አዝ፦ (ሁለቱም ስንኝ 2 ጊዜ)
      ክረምቱ አለፈ ሜዳው ቢጫ ሆነ፣
      የናፈቀው ሁሉ በደስታ ዘፈነ።

ከተራራው ማዶ ጀንበር ስታበራ፣
የጎረፈው ወንዝም ጎደለና ጠራ።
      አዝ፦ ክረምቱ አለፈ…
```

ከመጀመሪያው በኋላ አዝማቹን በመነሻ ቃላቱ ብቻ እጠቁማለሁ። ገጽ ሲገለበጥ ግን ሙሉውን እደግመዋለሁ፤ እያጨበጨበ ወደ ኋላ ገልጦ የሚያነብ የለም። እዚህ ላይ ወረቀት መቆጠብ አያዋጣም።

ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ስልከው ግን የስታይሉ ገባ ማለት አብሮ አይሄድም፤ አንጓዎቹም ይጣበቃሉ። ለዚያ ፒዲኤፍ አድርጌ እልካለሁ።