መግዣው ከመሸጫው የበለጠበት ቀን

በአንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል እሠራ በነበረበት ጊዜ የገጠመኝ ነው። ሥራዬ ቀላል ነበር። ከአቅራቢ ኢንቮይስ ሲመጣ ያለን ገንዘብ ይበቃል አይበቃም የሚለውን አስልቼ ለአለቃዬ አቀርባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በእጃችን የሚኖረው ዩሮ ነው። የምንከፍለው ደግሞ በጃፓን የን።

ባንካችን በየጠዋቱ የምንዛሪ ዝርዝር ይልክልናል። ዝርዝሩ ሁሉንም ገንዘብ ከዶላር ጋር ብቻ ነው የሚያነጻጽረው። ዩሮ በቀጥታ ስንት የን እንደሚያወጣ አይናገርም። እሱን በዶላር በኩል ዞሮ ማግኘት የኔ ፋንታ ነው። ክሮስ ሬት የሚባለው ይኸው ነው።

ለዩሮ የሠራሁት የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበረኝ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የተሳሳትኩት እሱን አምኜ ነው። ዩሮ ሲጻፍ አንድ ዩሮ ስንት ዶላር እንደሆነ ነው የሚገለጸው። ለምሳሌ መግዣው 1.0800፣ መሸጫው 1.0802። የን ግን ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ዶላር ስንት የን እንደሆነ ነው የሚባለው፤ መግዣው 150.00፣ መሸጫው 150.10 እንበል። እንግዲህ አንድ ዩሮ ይዘህ ብትሄድ 1.08 ዶላር ይሰጡሃል። ያንን ዶላር ስትሸጥ በየዶላሩ 150 የን ታገኛለህ። 1.08 ሲባዛ በ150፣ 162 የን። መግዣን በመግዣ፣ መሸጫን በመሸጫ ማባዛት ነው። በቃ። ሁለት ዓመት ሠርቶልኛል፣ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራችኝ። «500,000 የስዊስ ፍራንክ ገብቶልናል። የጃፓኖቹን ኢንቮይስ በሱ እንዝጋው። 83,300,000 የን ነው። ይበቃል?»

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት።

ፍራንክም እንደ የን አንድ ዶላር ስንት ፍራንክ ነው እየተባለ ነው የሚጻፈው። የዕለቱ መግዣ 0.9000፣ መሸጫው 0.9010 ነበር። ሁለቱም ዶላርን ከፊት ካስቀደሙ ማባዛቱ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ እዚህ የሚያስፈልገው ማካፈል ነው። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። አሮጌውን ሠንጠረዥ ከፈትኩና የዩሮውን ረድፍ በፍራንክ ተካሁት። ከዚያ የማባዣውን ኮከብ አጥፍቼ በቦታው የማካፈያውን ሰረዝ አስገባሁ።

```
B4: =B3/B2
C4: =C3/C2
```

በ`B` ስር መግዣ፣ በ`C` ስር መሸጫ አለ። ሁለተኛው ረድፍ ፍራንክ፣ ሦስተኛው የን ነው። `B4` ላይ 166.67 ወጣ። በ500,000 ሲባዛ 83,333,333 የን። ኢንቮይሱን ከፍለን 33,333 የን ይተርፈናል ማለት ነው። ለአለቃዬ «ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል» ብዬ ጻፍኩላት። እሷም ለአቅራቢው ሙሉ ክፍያው በዚያው ቀን እንደሚላክ አሳወቀች።

ከሰዓት በኋላ የባንኩ ማረጋገጫ መጣ። 166.48 ይላል። ቆጠርኩት፤ 83,240,000 የን። ኢንቮይሱን ለመዝጋት 60,000 የን ይጎድላል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ባንኩ በላን» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሎኛል፤ ባንክን እጅ ከፍንጅ የያዝኩ መስሎኛል። ስልኩን አንስቼ ወደ ምንዛሪ ክፍሉ ደወልኩ። ያነሱት ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ በዕድሜም ጠና ያሉ የሚመስሉ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ጠዋት የላካችሁልን ዝርዝር እኔ ጋ አለ። በሱ መሠረት 166.67 ነው መሆን ያለበት። እናንተ ያደረጋችሁት 166.48 ነው። ልዩነቱ ከ90,000 የን በላይ ነው» አልኳቸው። ጠንከር ብዬ ነበር የተናገርኩት።

«ዝርዝሩ እስካሁን አልተለወጠም። እርስዎ እንዴት አድርገው አገኙት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። መግዣን ለመግዣ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ በዚያው መንገድ መሸጫውን ደግሞ ያውጡትና ይንገሩኝ» አሉኝ።

የመሸጫውን ዓምድ አይቼው አላውቅም። እኛ ሁልጊዜ የያዝነውን ገንዘብ ለባንክ የምንሸጥ ስለሆንን የሚያስፈልገኝ መግዣው ብቻ ነበር። ዓምዱንም አጥብቤው ስለነበር ቁጥሩ ሳይሆን `###` ነው የሚታየው። በማውሱ ጎተት አድርጌ አሰፋሁት። 166.59።

«166.59» አልኩ። ድምፄ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ስለዚህ እርስዎ እንደሚሉት እኛ ፍራንክ በ166.67 ገዝተን በ166.59 እንሸጣለን» አሉኝ። አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ላብ ላብ አለኝ። በተሸጠ ቁጥር የሚከስር ባንክ ፈጥሬ፣ ያንን ባንክ ሌባ ብዬ ልከሰው ነበር የደወልኩት።

ሰውዬው ግን ደግ ናቸው። ስልኩን ዘግተው መገላገል ይችሉ ነበር። በዚያ ፈንታ ደረጃ በደረጃ አስኬዱኝ። «ፍራንኩን ይርሱት» አሉ። «ዶላሩን ብቻ ይከተሉ። መጀመሪያ ፍራንክ ይዘው ሲመጡ ዶላሩን ማን ነው የሚሸጠው?»

«እናንተ።»

«በስንት?»

ዝርዝሩ ላይ ዶላር መሸጫ በፍራንክ 0.9010 ነው። 500,000 ሲካፈል በ0.9010፣ 554,939 ዶላር ገደማ። ቀጥሎ ያንን ዶላር እኔ እሸጥላቸዋለሁ። እነሱ የሚገዙት በ150.00 ነው። 83,240,843 የን። ማረጋገጫው ላይ ካለው ጋር የማይገጥመው ጥቂት የን ተመኑ ሁለት አሃዝ ላይ ስለተቆረጠ ነው። እኔ ግን በ0.9000 ነበር ያካፈልኩት። ያ እነሱ ዶላር የሚገዙበት ዋጋ ነው። ዶላራቸውን እነሱ በሚገዙበት ዋጋ እንዲሸጡልኝ ፈልጌያለሁ ማለት ነው።

ዩሮው ለምን ሁለት ዓመት እንዳላጋለጠኝ የገባኝም ያኔ ነው። ዩሮ ላይ ባንኩ በመጀመሪያው እርምጃ ዩሮዬን ይገዛል፣ በሁለተኛው ዶላሬን ይገዛል። ሁለቴ ገዥ ስለሆነ ሁለቴ መግዣ። ዝርዝሩ ላይ ከፊት የሚቀመጠው ገንዘብ በሁለቱም እርምጃ ከኔ እጅ የሚወጣው ነው። ፍራንክ ላይ ግን ከፊት ያለው ዶላር አንዴ ወደኔ ይመጣል፣ አንዴ ከኔ ይወጣል። ስለዚህ ባንኩ አንዴ ሻጭ፣ አንዴ ገዥ ነው። እኔ ምልክቱን ስለውጥ ዓምዱን አብሬ አልለወጥኩም። ትክክለኛው እንዲህ ነበር፦

```
B4: =B3/C2
C4: =C3/B2
```

አስገባሁት። 166.48 እና 166.78። መሸጫው ከመግዣው በልጦ በቦታው ተቀመጠ።

«ክፍተቱ ግን ሰፊ አይደለም? 30 ሳንቲም ሊሆን ምንም አልቀረው» አልኳቸው። አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ክስ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

«በመቶኛ ያስሉት» አሉኝ። የፍራንኩ መግዣና መሸጫ ልዩነት 0.11 በመቶ ነው። የየኑ 0.07 በመቶ ገደማ። የክሮስ ሬቱ 0.18 ሆኖ ወጣ። ሁለቱ ተደምረዋል። ሁለት ጊዜ ስለምትመነዝር ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ። እኔ ያወጣሁት ላይ ግን አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ነው የቀረው። ይህቺን ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ ተጠቀምኩባት። የክሮስ ሬቱ ክፍተት ከሁለቱ ድምር ጠብቦ ከወጣ ቀመሬ ውስጥ አንድ ዓምድ ተምታቷል ማለት ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ባንኩ የግድ በዚያ ዋጋ መሥራት አለበት ማለት አይደለም። ብዙ የሚገበያዩ ጥንዶች ለምሳሌ ዩሮና የን የራሳቸው ገበያ ስላላቸው በቀጥታ ብትጠይቅ በዶላር በኩል ዞረህ ከምታገኘው የተሻለ ዋጋ ልትሰማ ትችላለህ። አንተ ያሰላኸው ጥጉን ነው። ቀጥተኛው ዋጋ ከዚያ ጥግ ካለፈና የባንኩ መግዣ ከ166.48 በታች ከሆነ ያኔ «በዶላር በኩል አድርጉልኝ» ማለት ይቻላል። እኔ የደወልኩት ግን በትክክል ጥጉ ላይ ስላለ ዋጋ ነበር።

ወደ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። መንገድ ላይ ንግግሬን ሦስት ጊዜ ቀያይሬዋለሁ። በመጨረሻ የተናገርኩት ግን ሌላ ነው፤ «60,000 የን ይጎድላል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ባንኩ አይደለም?» አለች።

«አይደለም።»

«በፍራንክ ስንት ነው?»

«361።»

ካልኩሌተሯን አንስታ ራሷ መታችው። 60,000 ሲካፈል በ166.48፣ 360.40፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 361። ከዚያ «ስልክ የደወልከው እኔን ሳትጠይቅ ነው?» አለች። ከ361 ፍራንኩ ይልቅ የተሰማት ያ ነበር፤ ፍትሐዊም ነው። ጉድለቱ ከሌላ ሂሳብ ተሞላ። ክፍያው በማግስቱ ሄደ። ለአቅራቢው የዘገየበትን ምክንያት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጭር ደብዳቤ ነው፣ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሴል ጨመርኩ፦

```
D4: =IF(B4<C4,"OK","ተመልከት")
```

የመሸጫውን ዓምድም አስፍቼ ተውኩት። ከወራት በኋላ ሴሉ አንዴ «ተመልከት» አለ። ቀመሩ አልነበረም፤ የሥራ ባልደረባዬ የፍራንኩን መግዣና መሸጫ አቀያይሮ አስገብቶት ነው። ደስ አለኝ። ሌላ ጊዜ ግን የፍራንኩን ዋጋ ጠዋት፣ የየኑን ከምሳ በኋላ አስገብቼ ሴሉ ምንም ሳይል «OK» ብሎኛል። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ የሰዓታቸውን አለመገጣጠም ሴሉ በምን ያውቃል? ያንን የያዝኩት በአጋጣሚ ነው። አሁን ከዋጋዎቹ ጎን የመጡበትን ሰዓት የምጽፍበት አንድ ዓምድ አለ። እሱን የሚፈትሽ ቀመር የለኝም። በዓይኔ ነው የማየው።