ትኬቱ በየት በኩል ነው?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በሞጣ ያልፍና ደጀን ላይ ይገናኛሉ። የእናቴ ዘመዶች ሞጣ ስለሆኑ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱን «በየት በኩል ነው?» ሳልል አውቶቡስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ይህን ጥያቄ የዘነጋሁት እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ስማር ነው።

ከለንደን ስመለስ ርካሹን የባቡር ትኬት በስልኬ ገዛሁ። መነሻው የአንድ ጣቢያ ስም ሳይሆን በጥቅሉ የለንደን ጣቢያዎች ይል ስለነበር፣ ወደ ለመድሁት ወደ ዩስተን ሄድሁ። ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን `Via High Wycombe` አላነበብሁትም። በሃይ ዊኮምብ የሚያልፈው ባቡር የሚነሳው ከሜሪልቦን ጣቢያ ነው፤ የዩስተኑ በሚልተን ኪንስ በኩል ይሄዳል። ሁለቱም በርሚንግሃም ይደርሳሉ፤ የእኔ ትኬት የረከሰው ግን በአንደኛው መንገድ ብቻ ስለሚያስኬድ ነው። በሌላው በኩል ለመሄድ `Any Permitted` የሚል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ትኬት ያስፈልጋል።

ምልክቱ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። መግቢያው ላይ ስልኬን ባስጠጋ በሩ አልከፈት አለኝ። ሠራተኛው ትኬቱን ገረፍ አድርጎ አየና በእጁ ከፈተልኝ፤ እኔም ማሽኑን ታዝቤ ገባሁ!

ሚልተን ኪንስን እንዳለፍን ተቆጣጣሪዋ መጣች። ክርክር አልገጠምሁም፤ ወረቀቱን ጽፋ ሰጠችኝ። ቅጣቱ 100 ፓውንድና የጉዞው ዋጋ ሲሆን፣ በ21 ቀን ውስጥ ለከፈለ 100ው ወደ 50 ይወርዳል። ከፍዬ ልገላገል ስል አንድ የአገሬ ልጅ የጉዞ ደንቡን እንዳነብ መከረኝ። ደንቡ፣ ትኬት ይዞ ባልተፈቀደለት መንገድ የሄደ ሰው የሚከፍለው፣ በያዘው ትኬትና በዚያ መንገድ በሚያስኬደው ርካሽ ትኬት መካከል ያለውን ልዩነት ነው ይላል። ለአንድ ባቡር ብቻ የተቆረጠ ትኬት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ አያድነኝም ነበር፤ አዲስ ትኬት መግዛት ግድ ይሆንብኛል።

ይግባኝ ማለትም የሚቻለው በዚያው በ21 ቀን ውስጥ ነው። የትኬቱን ምስልና የከፈልሁበትን ደረሰኝ አያያዝሁ። መንገዱን መሳሳቴን አልካድሁም፤ የጻፍሁት ልዩነቱን ለመክፈል ዝግጁ መሆኔን ብቻ ነው። ቅጣቱ ተነሥቶ ልዩነቱን ከፈልሁ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ለትምህርት ወደዚያው ሄደች። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ትኬቷን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ የመንገዱን መስመር በቀይ ከባዋለች። ከሥሩ የጻፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ይኸኛው በሞጣ ነው በማርቆስ?»