የኢአርፒ ተጫራቾችን ያወዳደርንበት የነጥብ ሠንጠረዥ

ምዕራብ ጎጃም ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ማዳበሪያ እናከፋፍላለን፤ ከመሠረታዊ ማኅበራት በቆሎ እየሰበሰብን እንሸጣለን። ሂሳቡም፣ መጋዘኑም፣ ደመወዙም በየራሱ ኤክሴል ነበር የሚሠራው። ሁሉንም የሚያገናኝ ኢአርፒ የሚባል ሶፍትዌር እንግዛ ሲባል የተጫራቾቹን መወዳደሪያ ሠንጠረዥ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

ብዙ ጊዜ ለዋጋ 30፣ ለሶፍትዌሩ ብቃት 70 ይመደባል። ብቃቱን ኮሚቴው ከ5 ይሰጣል። ሲያዩት ብቃት የሚወስን ይመስላል። እኔ ግን ሰነዱ ለተጫራቾች ከመበተኑ በፊት በፈጠራ ቁጥር ሞከርኩት። የዋጋው ቀመር የተለመደው ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ሙሉውን 30 ያገኛል፣ የሌሎቹ በዚያ ልክ ይቀንሳል፦

```
=30*MIN($B$2:$B$4)/B2
```

ዋጋቸው 4፣ 5 እና 8 ሚሊዮን ብር የሆነ ሦስት ተጫራቾች አስገባሁ። ከዋጋ 30፣ 24 እና 15 ነጥብ አገኙ። ለብቃት ደግሞ ኮሚቴ እንደሚሰጠው አድርጌ 3.5፣ 3.9 እና 4.1 ሞላሁ፤ ወደ 70 ሲቀየር 49፣ 54.6 እና 57.4 ይሆናል። ድምሩ 79፣ 78.6 እና 72.4። ርካሹ አሸነፈ። ልዩነቱን እዩት፤ በዋጋ በኩል ከላይኛው እስከ ታችኛው 15 ነጥብ አለ፣ በብቃት በኩል ግን 8.4 ብቻ። ሰው ከ5 ስጥ ሲባል ይሉኝታ ይይዘውና 3 እና 4 ላይ ይከማቻል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 70 የተጻፈለት ነገር በተግባር ከ30ው ያነሰ ይወስናል።

መፍትሔው ክብደቱን መጨመር አይደለም። የእያንዳንዱን ነጥብ ትርጉም መጻፍ ነው። ከ0 እስከ 3 አደረግነው። ያለ ምንም ለውጥ ሲሠራ በዓይናችን ካየን 3፣ በማስተካከያ ገጹ ላይ ተስተካክሎ ከሠራ 2፣ አዲስ ኮድ መጻፍ ካስፈለገ 1፣ ካልቻለ ወይም «በሚቀጥለው ስሪት ይመጣል» ከተባለ 0። የግድ የሚያስፈልጉትን፣ ለምሳሌ የቫት ሂሳብንና ኢንተርኔት ሲጠፋ መጋዘን ላይ መመዝገብ መቻልን፣ ከነጥቡ አወጣናቸው። እነሱ አለ ወይም የለም ናቸው፤ የሌለው ተጫራች በሌላ ነገር ሊያካክሰው አይችልም።

ዴሞውንም ለተጫራቾቹ ምርጫ አልተውነውም። ራሳቸው ከመረጡ የሚያምረውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ ሰጠን፦ 400 ኩንታል ዩሪያ መጋዘን ይገባል፣ 3 ኩንታሉ ጆንያው ተቀዶ ይጎድላል፣ ቀሪው ለሁለት መሠረታዊ ማኅበራት ይወጣል፣ አንዱ በዱቤ ይወስድና የተረፈውን ይመልሳል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ በጳጉሜን ይሆናል። ጳጉሜንን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ግብይቱ በ13ኛው ወር ቀን መመዝገብ አለበት፤ ደመወዝ ግን የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየትና የሂሳብ ወሩን በትክክል መዝጋት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው እዚህ ላይ ፍንትው ብሎ ወጣ።

የመጋዘን ኃላፊያችን አንዱን አቅራቢ «ልጄ፣ የተቀደደውን ጆንያ የት ነው የምመዘግበው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ገጹን ሲያገላብጥ ቆየና በሽያጭ ውስጥ እንደ ዜሮ ዋጋ ሽያጭ እንመዝግበው አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነታቸውን ነው፤ ጉድለት ሽያጭ ተብሎ ከተመዘገበ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። መጋዘን ውስጥ የሚውል ሰው ነጥብ ሰጪ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ዴሞው እንዳለቀ፣ ከሌላው ሳይነጋገር፣ በየወረቀቱ ሞላ። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ የሌላው ነጥብ ወደ እሱ ይሳባል። በአንድ መስፈርት ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የ2 ነጥብ ልዩነት ሲመጣ ብቻ ተወያየን፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ያየውን ሌላኛው አላየውም ነበር። አማካይ ተወስዶ ቢታለፍ ኖሮ ይህ ተደብቆ ይቀር ነበር።

የዋጋው ፖስታ የተከፈተው የብቃት ነጥቡ ተፈርሞ ካለቀ በኋላ ነው። ያወዳደርነውም የመጀመሪያውን ክፍያ ሳይሆን የ5 ዓመት ወጪን ነው፦ ላይሰንስ፣ ተከላ፣ ሥልጠና፣ ዓመታዊ ጥገና፣ ሰርቨር፣ በተጨማሪም 1 ነጥብ ያገኙት ነገሮች ሁሉ የኮድ ሥራ ዋጋ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከውል በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በጨረታ ሰነዱ ላይ ዋጋ እንዲሰጡበት አስገደድን።

መጨረሻ ላይ የዋጋውን ክብደት ወደ 20 ዝቅ፣ ወደ 40 ከፍ እያደረግኩ አሸናፊው ይቀየር እንደሆነ አየሁ። አልተቀየረም። ቢቀየር ሁለቱን መሪዎች ለሌላ ዴሞ መልሰን እንደምንጠራ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት በቃለ ጉባኤ ይዘን ነበር።