ናይሮቢ ላይ አልጋ የት ይያዝ?

ስልጠናው አፐር ሂል የሚባል ሰፈር ነው ተባልኩ። የአውሮፕላኑን ትኬት ጋባዦቹ ቆርጠዋል። አልጋውን ግን ራስሽ ያዢ፣ በኋላ እናወራርዳለን አሉኝ። ናይሮቢን አላውቃትም። እዚያ ያለኝ ዘመድ ኢስሊ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት።

«ሆቴል ምን ያደርግልሻል? እኛ ጋ ነይ» አለችኝ በስልክ። «እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ቋንቋውም አለ።»

እውነቷን ነው። ካርታው ላይ ኢስትሊ ተብሎ የተጻፈው ይህ ሰፈር የሶማሌውና የሀበሻው መናኸሪያ ነው። ማደሪያ ከሌላው ሰፈር ይረክሳል፣ እኔ ደግሞ በነጻ ልተኛ ነው። ከአፐር ሂልም ያለው ርቀት ከአስር ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ነገሩ ያለቀ ነበር።

ችግሩ ማታቱው ነው። ማታቱ ማለት የኛ ታክሲ ነው፤ ዘፈኑ ከፍ ያለ፣ አካሉ በሥዕል ያጌጠ። አብዛኛው መስመር ከየሰፈሩ ተነስቶ መሃል ከተማ ይገባና እዚያው ያበቃል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ በቀጥታ የሚያሻግርሽ እምብዛም አታገኚም። ኢስሊ ከመሃሉ በስተምሥራቅ ነው፣ አፐር ሂል በስተደቡብ ምዕራብ። ስለዚህ ጠዋት በ6 ወይም በ9 ቁጥር መሃል ከተማ ትገቢያለሽ። እዚያ ወርደሽ ሕዝቡን እየገፋሽ የሚቀጥለው ማታቱ ወደሚቆምበት ሌላ ፌርማታ ትሄጃለሽ። ፌርማታዎቹ አንድ ቦታ አይደሉም፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ጥግ አለው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ረዳቱ ዋጋውን እዚያው በር ላይ ይጨምራል። ታሪፍ የሚባል ነገር ሰማይ ሲጠቁር ይረሳል።

«በቦዳ ቦዳ ትሄጃለሽ» አለች የአክስቴ ልጅ። ሞተር ማለቷ ነው። ላፕቶፕ ታቅፌ፣ በዚያ ትራፊክ፣ በሞተር? እኔ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ የምፈራ ሰው ነኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ የማድርበት ከመሃል ከተማው ማዶ ሳይሆን ከስልጠናው ጋር በአንድ ወገን ይሁን። እዚያ ወገን ደግሞ ሁለት ስም እየደጋገመ መጣ፤ ዌስትላንድስና ኪሊማኒ።

መጀመሪያ ዌስትላንድስ ያዝኩ። በረራዬ ማታ ነው የሚገባው። በፈረንጆቹ 2022 የተከፈተው ኤክስፕረስ ዌይ የሚባል የክፍያ መንገድ ደግሞ በኤርፖርቱ በኩል አልፎ ከተማውን ከላይ ይሻገርና ዌስትላንድስ ላይ ያበቃል። በማላውቀው አገር በጨለማ ጎዳና ለጎዳና ከመንከራተት ይሻላል አልኩ። ኤርፖርቱ በር ላይ የቆመው ባለታክሲ አራት ሺህ ሽልንግ ጠራ። ከስልኬ የጠራሁት በ1,700 ወሰደኝ፤ የመንገዱ ክፍያ ለብቻው ነው። ጉዞው ደስ ይላል፤ ሞምባሳ ሮድ ላይ የተሰለፈውን የከባድ መኪና መዓት ከላይ ሆነሽ ታያለሽ። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀብኝም።

እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ሳህን የተቀመጠ ባለ ቀለም ነገር ነበር። ከረሜላ መስሎኝ አነሳሁ። የጆሮ መድፈኛ ነው።

ነገሩ እዚያው ሊገባኝ ይገባ ነበር፣ ግን ደክሞኛል፣ ወጥቼ ተኛሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን ጀመረ። ዘፈኑ ራሱ አይሰማም፤ የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ዱም ዱም ነው። ራስጌ ያስቀመጥኩት የውሃ ብርጭቆ ላይ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ስምንት ሰዓት ላይ ወርጄ ስናገር ልጁ በትህትና «ሳምንቱ ማለቂያ ስለሆነ ነው፣ ማዳም» አለኝ። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ለናይሮቢ ቅዳሜና እሁድ ሐሙስ ማታ ይጀምራል መሰለኝ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጸጥ ሲል ወፎቹ ተረከቡ። 6,200 ሽልንግ ከፍዬ።

ጠዋት የሆቴሉን አስተያየቶች እንደገና አነበብኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን አማካይ ነጥቡን ትቼ። አዲሶቹን ወደ ላይ አምጥቼ «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል ብቻ ፈለግኩ። ሞልቷል። ደግሞ «ለመዝናኛ ቅርብ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ካርታው ላይ በሆቴሉ ዙሪያ ጭፈራ ቤት፣ የማታቱ ማቆሚያና ቤተ ክርስቲያን እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይገርማችሁ፤ ናይሮቢ ውስጥ የዓርብ ሌሊት ጸሎት በድምፅ ማጉያ እስኪነጋ የሚዘልቅበት ቦታ አለ። ለኛ አገር ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ግን ቤቴ ስሆን ለምጄዋለሁ፣ እዚህ ከፍዬበታለሁ።

ዌስትላንድስ ለአፐር ሂልም ቢሆን ያሰብኩትን ያህል አይቀርብም። እሁድ ቀትር ላይ ዋጋውን ብታይ 450 ይልሻል። ያው መንገድ በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 800 ደረሰ፣ ሃምሳ ደቂቃም ፈጀ። ይህን ለማወቅ እዚያ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ካርታው ላይ «መነሻ ሰዓት» የሚለውን ነክቶ የምትሄጂበትን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ማስገባት ነው። ብዙ ሰው ግን ቤቱ ተቀምጦ ማታ በሦስት ሰዓት ያየውን ደቂቃ ይዞ አልጋ ይከፍላል።

ቅዳሜ መሃል ከተማውን ላየው ወጣሁ። ርካሽ አልጋ ያለው እዚያ ነው፤ ሪቨር ሮድ አካባቢ በሁለት ሺህ ሽልንግ ንጹሕ የሚመስል ክፍል አሳይተውኛል። ወደ አፐር ሂልም በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ይዞ በእግር የሚደረስ ነው። የጃንሆይን ስም ታፔላ ላይ ሳይ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ።

ስመለስ ማታቱ ውስጥ በመስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ካርታ እያየሁ ነበር። ከጎኔ ያለች ትልቅ ሴት አንድም ሳትናገር እጇን ዘርግታ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ ስልኬን ጠቁማ ቦርሳዬን ነካ ነካ አደረገች። መኪናው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሰው ሲሞላ ስልክ በመስኮት ይወሰዳል አለችኝ በኋላ። የት እንደማድር ጠየቀችኝ። ሪቨር ሮድን ስጠቅስላት ፊቷን አጨፈገገች። «ቀን ምንም አይደለም። ብቻሽን ማታ ግን...» ብላ ተወችው።

ይህ «ማታ» ናይሮቢ ላይ መቼ እንደሆነ የታወቀ ነው። ከተማዋ ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ከአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ብዙም ሳያልፍ ይጨልማል። ስልጠናው የሚያልቀው አስራ አንድ ተኩል ነው። እንግዲህ የኔ ጥያቄ ይቺ አንዲት ሰዓት ሆነች፤ በእሷ ውስጥ ያለ ጭንቀት በሩ ድረስ የሚያደርሰኝ የትኛው ሰፈር ነው? የሁለት ሺህ ሽልንጉ አልጋ እዚህ ላይ ወደቀ።

በማግስቱ ኢስሊ ምሳ በልቼ፣ በአክስቴ ልጅ ተወቅሼ፣ ሻንጣዬን ወደ ኪሊማኒ አዛወርኩ።

የያዝኩት ያያ ሴንተር ከሚባለው የገበያ ማዕከል ጀርባ ነው፤ 4,800 ሽልንግ። ከማስያዜ በፊት ሁለት ነገር ጽፌ ጠየቅኩ፤ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ? ውሃ ሲጠፋ የጉድጓድ ውሃ አላችሁ? ሁለተኛው ጥያቄ ኪሊማኒ ላይ ቅንጦት አይደለም። ፎቁ በዝቶ ውሃው አልበቃ ብሎ ቦቴ መኪና በየበሩ ሲያንቆረቁር ታያላችሁ። በዚህስ አገሬን አልናፈቅኩም።

ከዚያ ወደ ስልጠናው 46 ቁጥር ማታቱ አለ። በሃርሊንግሃም በኩል ስለሚያልፍ ናይሮቢ ሆስፒታል አካባቢ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እሄዳለሁ። ሃምሳ ሽልንግ፣ ዝናብ ከሆነ ሰማንያ። መሃል ከተማ መግባት የለም። ማታ ስመለስ በስልክ መኪና እጠራለሁ፣ ሦስት መቶ አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ ሳሰላው፣ አልጋውንና መንገዱን ደምሬ፣ ከዌስትላንድሱ በቀን ከሁለት ሺህ ሽልንግ በላይ ይቀንሳል። ከሪቨር ሮዱ ግን ይበልጣል፤ ልዩነቱን ለዚያች ሰዓት ከፈልኩት ብዬ ነው የማስበው። የሀበሻ ምግብ ቤትም እዚያው አካባቢ አለ፣ ምኒልክ የሚባል መንገድም አለ፤ ለአክስቴ ልጅ ስነግራት አልተደነቀችም።

ታዲያ ኪሊማኒ ጸጥ ያለ ነው? በጭራሽ። በየአጥሩ ፎቅ ይሠራል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ብረት ቆራጩ ይጮሃል፣ ቅዳሜም አይምርም። ግን እኔ ከአንድ ተኩል በፊት ወጥቼ ሄጃለሁ። የምሰማው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ሌሊት ሠርታችሁ ቀን የምትተኙ ከሆነ ወይም ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ዌስትላንድስ ቀን ቀን ለጥ ያለ ነው።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ መታወቂያ ያያል፣ ስም ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ አናደደኝ፤ በኋላ ወደድኩት። ከገበያ ማዕከሉ እስከ በሩ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ዛፉ ብዙ መብራቱ ጥቂት። ዘበኛው በስዋሂሊ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» አለኝና ሰማዩን አሳየኝ። አስራ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እነሱም በኛ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ከዚያ በኋላ በእግርሽ አትሂጂ ነው ነገሩ። ለዚያች አጭር መንገድ መኪና ስጠራ ሹፌሮቹ ደውለው ያኮርፉብኝ ነበር። ሃምሳ ሽልንግ እጨምርና ዝም ይላሉ።

የመመለሻ በረራዬ ሌሊት ነው። ከኪሊማኒ ኤርፖርት ስሄድ ሹፌሩ ዞሮ «ከላይ ወይስ ከታች?» አለኝ። ከታች ማለት ሞምባሳ ሮድ ነው፣ ከነከባድ መኪናው። ከላይ አልኩ፣ ከፈልኩ፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ደረስኩ። ጋባዦቹ አልጋውን ሳይጨቃጨቁ አወራረዱልኝ። የኤክስፕረስ ዌዩን ደረሰኝ ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ብለው መለሱት።